ሃያ ኦም እንዴት መቶ ዘጠና ሺህ ይሆናል?

አሮጌ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከፍቶ ያየ ሰው ቦርዱ ላይ የተደረደሩትን ትናንሽ አራት ማዕዘን የብረት ቆቦች ልብ ሳይል አይቀርም። እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው። አናታቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ሲታዩ የካቻቢቴ ጫፍ የሚገባበት ስንጥቅ ያላቸው ፌራይቶች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። የሬዲዮ ጠጋኞች አይኤፍ ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ቆብ ሥር ከፀጉር ብዙ የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ከሽቦው ሁለት ጫፎች ጋር ደግሞ አንዲት ካፓሲተር ጎን ለጎን ተያይዛለች። ኮይልና ካፓሲተር እንዲህ በፓራሌል ሲገናኙ የሚፈጥሩት ሰርኪዩት ታንክ ሰርኪዩት ይባላል።

የዚህ ሰርኪዩት ጠባይ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነው። የኮይሉ ሽቦ ራሱ ያለው ሬዚስታንስ ሃያ ኦም ገደማ ቢሆን፣ ታንኩ በአንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ላይ ለመጣው ሲግናል ወደ መቶ ዘጠና ሺህ ኦም የሚጠጋ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ይባስ ብሎ የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ አርባ ኦም ቢያድግ ግድግዳው ከፍ አይልም፤ በግማሽ ይወርዳል። ሬዚስታንስ ሲጨመር ኢምፒዳንስ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው፣ አንዱ ሬዲዮ ጣቢያውን ጥርት አድርጎ ሲያመጣ ሌላው ለምን ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያምታታ ያውቃል።

ከ873 ወደ 455

ታንኩ ምን ሊሠራ እዚያ እንደተቀመጠ በአንድ ጣቢያ እንይ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ሲጠቀምበት ከኖረባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ 873 ኪሎ ኸርዝ ነው። በአፍሪካና በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የሚመደቡት በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ873 ግራና ቀኝ ያሉት የጎረቤት ቦታዎች 864 እና 882 ናቸው። በምሽት የሩቅ አገር ጣቢያዎች ከሰማይ ተንጸባርቀው ሲመጡ እነዚህ የጎረቤት ቦታዎች ባዶ አይሆኑም።

ሬዲዮው ጣቢያውን ይዞ በቀጥታ አያጎላውም። በውስጡ ያለ አንድ ኦሲሌተር ሁልጊዜ ከምንፈልገው ጣቢያ በ455 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ያለ ሲግናል ያመነጫል። 873 ላይ ስናደርሰው ኦሲሌተሩ 1328 ላይ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ልዩነታቸው 455 ይወጣል። ጣቢያ በቀየርን ቁጥር ኦሲሌተሩም አብሮ ስለሚቀየር፣ የመረጥነው ጣቢያ የትኛውም ቢሆን ሁልጊዜ 455 ላይ ይቀርባል። የ882 ጎረቤት በዚሁ ስሌት 446 ላይ፣ የ864ቱ ደግሞ 464 ላይ ይወርዳል። እንግዲህ የአይኤፍ ታንኮች ሥራ 455ን አሳድጎ 446ንና 464ን ማዳከም ነው። ይህን የሚሠሩት ኢምፒዳንሳቸው 455 ላይ ብቻ አናት አውጥቶ በሁለቱም ወገን ስለሚወርድ ነው።

ለምሳሌያችን በብዙ አይኤፎች ውስጥ የሚገኘውን 180 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር እንውሰድ። ከእርሱ ጋር 455 ላይ ሬዞናንስ የሚፈጥረው ኮይል 680 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ነው። የኮይሉ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ደግሞ 20 ኦም ይሁን።

ሁለት ከረንቶች ሲተላለፉ

ኮይል የከረንት ለውጥን ይቋቋማል። ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ሲሰጠው ከረንቱ ዘግይቶ፣ ከቮልቴጁ በሩብ ዙር ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። ካፓሲተር በተቃራኒው ከረንቱ በሩብ ዙር ይቀድማል። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ሲያገኙ፣ ከረንቶቻቸው እርስ በርሳቸው በግማሽ ዙር ይራራቃሉ። ወደ ኮይሉ ከረንት በሚገባበት ቅጽበት ከካፓሲተሩ ከረንት ይወጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ይገለበጣል።

ከ455 በታች ባሉ ፍሪኩዌንሲዎች ኮይሉ መንገዱን ይለቃል፤ ብዙ ከረንት በእርሱ በኩል ያልፋል፤ የታንኩ ኢምፒዳንስም ትንሽ ነው። ከ455 በላይ ደግሞ ካፓሲተሩ ይለቃል፤ ኢምፒዳንሱ እንደገና ትንሽ ነው። 455 ላይ ግን ኮይሉም ካፓሲተሩም እኩል ይቋቋማሉ፤ በምሳሌያችን እያንዳንዳቸው 1944 ኦም ገደማ ናቸው። አንድ ቮልት ብንሰጣቸው በየራሳቸው ግማሽ ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፋሉ። ልዩነቱ አንዱ ሲቀበል ሌላው መስጠቱ ላይ ነው። ካፓሲተሩ የሚለቀው ኮይሉ የሚፈልገውን ያህል ስለሆነ፣ ያ ግማሽ ሚሊ አምፔር በሁለቱ መካከል ብቻ ይመላለሳል። ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም።

ነገሩ ዥዋዥዌ ላይ እንደተቀመጠ ልጅ ነው። ልጁ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው በከፍተኛ ኃይል ቢሆንም፣ የሚገፋው ሰው በየዙሩ የሚጨምረው በአየርና በገመዱ ፍትጊያ የጠፋውን ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ፍትጊያ ባይኖር ግፊትም ባላስፈለገ ነበር።

በታንኩ ውስጥ የፍትጊያውን ቦታ የያዘው የኮይሉ ሬዚስታንስ ነው። ግማሽ ሚሊ አምፔሩ በ20 ኦሙ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ሽቦውን በጥቂቱ ያሞቃል። የሚጠፋውን ኃይል ለማስላት ከረንቱን በራሱ አባዝቶ በ20 ማባዛት ነው፤ 5.3 ማይክሮ ዋት ይመጣል። ይህን ጥፋት መተካት ያለበት ከውጭ የሚገፋው ትራንዚስተር ነው። ቮልቴጁ አንድ ቮልት ስለሆነ ትራንዚስተሩ ማቅረብ ያለበት 5.3 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው።

አሁን ከውጭ ሆነን ታንኩን እንመልከተው። አንድ ቮልት ሰጠነው፤ የወሰደው 5.3 ማይክሮ አምፔር ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 189 ሺህ ኦም ይሆናል። በውስጡ ከሚመላለሰው ግማሽ ሚሊ አምፔር ጋር ሲነጻጸር ከውጭ የሚገባው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። መሐንዲሶች ይህን ውድር Q በሚል ፊደል ይጽፉታል፤ በእኛ ታንክ 97 ነው።

መልሱም እዚሁ ላይ ይገኛል። የኮይሉ ሬዚስታንስ 40 ኦም ቢሆን በመካከል የሚመላለሰው ከረንት ያው ግማሽ ሚሊ አምፔር ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠፋው ኃይል ግን እጥፍ ይሆናል። ትራንዚስተሩም እጥፍ ከረንት ማቅረብ ይኖርበታል። ለአንድ ቮልት እጥፍ ከረንት የሚጠይቅ ሰርኪዩት ኢምፒዳንሱ ግማሽ ነው ማለት ነው፤ 94 ሺህ ኦም። ሙሉው ነገር በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
Z = L / (C × r)
```

`r` የኮይሉ ሬዚስታንስ ነው። ከስር የተቀመጠው አካፋይ ስለሆነ ነው፤ እርሱ ሲያድግ አናቱ ይወርዳል፣ እርሱ ሲያንስ አናቱ ይወጣል። ኮይልና ካፓሲተር ተከታትለው በሲሪየስ ቢያያዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሬዞናንስ ጊዜ ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው ባዶው 20 ኦም ብቻ ነው።

የተቆረጠው አናቱ ብቻ ነው

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው። መጥፎ ኮይል ታንኩን በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል የሚያዳክም ሊመስል ይችላል። እንዲያ ቢሆን ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ መገላገል በተቻለ ነበር። ግን እንዲያ አይደለም።

ትራንዚስተሩ ወደ ታንኩ ሁልጊዜ 5.3 ማይክሮ አምፔር የሚገፋ ይሁን፤ ለምንፈልገው ጣቢያም ለጎረቤቱም እኩል። በ20 ኦም ኮይል የእኛ ጣቢያ 455 ላይ አንድ ቮልት ያወጣል። 446 ላይ ያረፈው ጎረቤት የሚያገኘው ኢምፒዳንስ 47 ሺህ ኦም ስለሆነ ሩብ ቮልት ብቻ ያወጣል። ከዚያም ራቅ ብለን 500 ኪሎ ኸርዝ ላይ ብንመለከት 10 ሺህ ኦም ገደማ ነው፤ ከ54 ሚሊ ቮልት አያልፍም።

ኮይሉን በ40 ኦሙ እንለውጠው። 455 ላይ የእኛ ጣቢያ ወደ ግማሽ ቮልት ይወርዳል። 446 ላይ ኢምፒዳንሱ 43 ሺህ ኦም ነው፤ ጎረቤቱ ከሩብ ቮልት ብዙም ሳይወርድ 0.23 ላይ ቆመ። 500 ላይ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአናቱ ስንርቅ የኮይሉና የካፓሲተሩ ከረንቶች መጣጣማቸውን ያቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከውጭ መምጣት አለበት። ያ ልዩነት ከሽቦው ጥፋት እጅግ ስለሚበልጥ የሽቦው ሬዚስታንስ ድምፅ አይኖረውም። ጥፋቱ ገኖ የሚታየው ሌላው ሁሉ ተጣፍቶ እርሱ ብቻውን በሚቀርበት ቦታ፣ ማለትም አናቱ ላይ ነው።

ስለዚህ በመጥፎ ኮይል የጠፋው የእኛ ጣቢያ ነው እንጂ ጎረቤቱ አይደለም። ቀድሞ ጎረቤቱን አራት እጥፍ እንበልጠው ነበር፤ አሁን የምንበልጠው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፍ ብናደርገው ሁለቱም አብረው ከፍ ይላሉ። ሬዲዮው ላይ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ጣቢያው አለ፣ ከበስተኋላው ግን ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

የአናቱ ስፋትም አብሮ ይለወጣል። ኢምፒዳንሱ ከአናቱ ወደ ሰባ ከመቶ የሚወርድባቸው ሁለት ነጥቦች በመልካሙ ኮይል 4.7 ኪሎ ኸርዝ ይራራቃሉ፤ በመጥፎው 9.4። ስፋቱን ለማግኘት 455ን በQ ማካፈል ብቻ በቂ ነው።

ቴስተር የማያየው ሬዚስታንስ

ኮይል የሚጠረጥር ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቴስተሩን ነው። ሁለቱን እግሮች ነክቶ ጥቂት ኦም ያነባል፤ ሽቦው አለመበጠሱን ያረጋግጣል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ አልፎ ያንን ቁጥር በቀመሩ ውስጥ ካስገባው ግን ይሳሳታል። ቴስተሩ 5 ኦም ቢያሳይ ቀመሩ ከ750 ሺህ ኦም በላይ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለ አይኤፍ በእጁ አይገባም።

ቴስተሩ የሚለካው በባትሪ ቀጥተኛ ከረንት ነው። በ455 ኪሎ ኸርዝ ሌሎች ጥፋቶች ይጨመራሉ። አንደኛው፣ ፈጣን ከረንት በሽቦው መሃል ማለፍ ትቶ ወደ ቆዳው ይሸሻል፤ በመዳብ ውስጥ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ጠልቆ የሚገባው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወፍራም ሽቦ ብንጠቀም አብዛኛው መዳብ ሥራ ፈት ይሆናል። ጎን ለጎን የተጠመጠሙ ዙሮችም አንዱ የሌላውን ከረንት ወደ አንድ ጎን ይገፋሉ። በዚህ ምክንያት ጥሩ ኮይሎች የሚሠሩት ብዙ ስስ ክሮች አንድ ላይ ተገምደው በተሠሩበት ሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ ክር በራሱ ቫርኒሽ ተሸፍኗል።

ይህን ዓይነት ሽቦ የሚበይድ ሰው አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። ጫፉ ላይ ቫርኒሹ በደንብ ሳይነሳ ሊድ ቢቀባ፣ ከላይ ሲታይ ብሩህ ጠብታ ይሆናል፤ ከሥሩ ግን ሁለት ሦስት ክሮች ሳይያዙ ሊቀሩ ይችላሉ። ቴስተሩ ችግር አያሳይም፤ የተያዙት ክሮች ከረንቱን ያሳልፋሉና። በሬዞናንስ ላይ ግን ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ አናቱም ዝቅ ይላል። ከመበየድ በፊት ጫፉን ዘርግቶ የመዳቡ ቀለም በሁሉም ክር ላይ መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥፋት ከሽቦው ውጭ ነው። ፌራይቱ በየዙሩ መግነጢስ ሲሆንና ሲገለበጥ ትንሽ ኃይል ይበላል፤ የብረቱ ቆብም በላዩ ላይ በሚፈጠሩ ጥቃቅን ከረንቶች የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህ ኃይል ከታንኩ ስለሚወጣ፣ ከውጭ ሲታይ ሽቦው ላይ ሬዚስታንስ እንደተጨመረ ያህል ነው። የምሳሌያችን 20 ኦም የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ከጎን የሚጫነው ሸክም

እስካሁን ታንኩን ብቻውን አየነው። በሬዲዮ ውስጥ ግን ያጠራቀመውን ሲግናል ለሚቀጥለው ትራንዚስተር ማስረከብ አለበት። የሚቀጥለው ትራንዚስተር መግቢያ 1500 ኦም ገደማ ይሁን። በቀጥታ ከታንኩ ጫፎች ጋር ብናያይዘው ሲግናሉ በ189 ሺህ ኦሙ ፈንታ በ1500ው ይሄዳል፤ Q ከአንድ በታች ይወርዳል፤ አናት የሚባል ነገር አይኖርም።

መፍትሔው በቆቡ ውስጥ ከዋናው ኮይል አጠገብ የተጠመጠመው ሌላ ትንሽ ኮይል ነው። ዋናው 15 ዙር በተጠመጠመ ቁጥር ትንሹ አንድ ዙር ቢጠመጠም፣ 1500 ኦሙ ከዋናው ኮይል ጎን ሲታይ በ15 ተባዝቶ እንደገና በ15 ይባዛል፤ ወደ 337 ሺህ ኦም ይሆናል። ይህ ከታንኩ 189 ሺህ ጋር ጎን ለጎን ሲሆን የሚቀረው 121 ሺህ ኦም ነው። ስፋቱም ከ4.7 ወደ 7.3 ኪሎ ኸርዝ ይከፈታል።

ይህ መከፈት ጉዳት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የሚተላለፈው ድምፅ ከ455 ግራና ቀኝ ጥቂት ኪሎ ኸርዝ ይይዛል። አናቱ ከመጠን በላይ ሹል ከሆነ የድምፁ ቀጫጭን ክፍሎች ይቆረጣሉ፤ ተናጋሪው "ሰ"ን፣ "ሸ"ንና "ጸ"ን ሲል በጥርት አይለይም፤ ድምፁ በብርድ ልብስ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ሁለት ሦስት አይኤፍ ተከታትለው ሲሠሩ ደግሞ መጥበቡ ይደራረባል። ስለዚህ ሬዲዮ የሚነድፍ ሰው የሚፈልገው ኮይሉ በራሱ የሚያጠፋው ትንሽ እንዲሆን፣ ስፋቱን ግን በሚያስረክበው ሸክም ራሱ እንዲወስነው ነው። በሸክሙ የሚወጣው ኃይል ወደሚቀጥለው ትራንዚስተር ይደርሳል፤ በሽቦው የሚጠፋው ግን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የአናቱ ቁመት በሁለቱም መንገድ ሊወርድ ይችላል፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

አናቱን መለካት

አንድ አይኤፍ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ሲግናል ጄኔሬተርና ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋሉ። የጄኔሬተሩ ገመድ በቀጥታ ከታንኩ ጋር ቢያያዝ የጄኔሬተሩ ትንሽ ሬዚስታንስ አናቱን ይደፈጥጠዋል፤ ስለዚህ በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ይገባል። የኦሲሎስኮፑ መንኪያም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋናው ኮይል ላይ ቢነካ በራሱ ያለው 15 ፒኮ ፋራድ ከታንኩ 180 ጋር ተደምሮ ሬዞናንሱን ከ455 ወደ 437 ያወርደዋል። ትንሹ ኮይል ላይ ቢነካ ግን ያው የ15 በ15 ማካፈል ይረዳናል፤ መቶ ፒኮ ፋራድ ያለው መንኪያ እንኳ በታንኩ ላይ ከግማሽ ፒኮ ፋራድ በታች ይሆናል። የሚታየው ሲግናል ትንሽ ነው፤ ከጄኔሬተሩ 5 ቮልት ከተሰጠ ግን 50 ሚሊ ቮልት ያህል ይገኛል።

ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ እያሉ ቀይሮ ሲግናሉ ከሁሉም የሚያድግበትን ቦታ መያዝ ነው። ከዚያ ወደ ታችም ወደ ላይም ሄዶ ሲግናሉ ከአናቱ ሰባ ከመቶ የሚሆንባቸውን ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች መጻፍ ነው። በምሳሌያችን ልዩነታቸው 5.6 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። 455ን ለ5.6 ስናካፍል Q 81 ይመጣል፤ ይህን በ1944 ስናባዛው ወደ 158 ሺህ ኦም ነው። የጠበቅነው 189 ሺህ ነበር፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን የተቀመጠው የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ድርሻ ነው። እርሱን በስሌት ስናወጣ 189 ሺህ አካባቢ ተመልሶ ይገኛል። ከዚህ የወጣ ቁጥር የሽቦውን፣ የፌራይቱንና የቆቡን ጥፋት ሁሉ በአንድነት የያዘ ነው።

መሣሪያ በሌለበትም ምልክት አለ። ደካማ ጣቢያ ተይዞ ባለቀለሙ ፌራይት በፕላስቲክ መፍቻ ቀስ ተብሎ ሲዞር፣ በጤነኛ አይኤፍ ድምፁ በትንሽ መዞር ብቅ ብሎ ይወርዳል። የብረት ካቻቢቴ አይመረጥም፤ ብረቱ ራሱ የኮይሉን ጠባይ ይቀይራልና መፍቻው ሲወጣ የተገኘው አናት ይጠፋል፤ በኃይል ከተጫኑት ደግሞ ፌራይቱ ይሰበራል። ብዙ ዞሮም ድምፁ ብዙም የማይለወጥ ከሆነ አናቱ ተደፍጥጧል ማለት ነው።

ይህ ሲሆን ግን ኮይሉን ብቻ መወንጀል አይገባም። በአሮጌ አይኤፎች ሥር ያለችው ትንሽ ካፓሲተር ስታረጅ ከረንት ታሾልካለች። ማሾለኩ 100 ሺህ ኦም ያህል ቢሆን ታንኩ ከ189 ወደ 65 ሺህ ኦም ይወርዳል። ቴስተር ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ካፓሲተሯን ሲነካ የሚያነበው ከጎኗ ያለውን የኮይሉን ጥቂት ኦም ነው። ለይቶ ለማወቅ የነበረችውን ካፓሲተር አላቅቆ ከውጭ ጤነኛ 180 ፒኮ ፋራድ መበየድ ነው። አናቱ ከተመለሰ ኮይሉ ንጹሕ ነበር። ካልተመለሰ ጥፋቱ ኮይሉ ውስጥ ነው፤ ምናልባት ቫርኒሹ ተልጦ ሁለት ዙሮች ተነካክተዋል፤ አንድ የተዘጋ ዙር ብቻ ብዙ ኃይል ይበላል።

ቀመሩ የሚያወላውልበት ቦታ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ Q ትልቅ ሲሆን ያለምንም ማመንታት የሚሠራ ነው። በኮይሉ ሬዚስታንስ ምክንያት የኮይሉ ከረንት በትክክል ሩብ ዙር አይዘገይም፤ ስለዚህ ታንኩ ለውጭው ልክ እንደ ንጹሕ ሬዚስተር የሚታይበት ፍሪኩዌንሲ ከተለመደው የሬዞናንስ ስሌት ጥቂት ዝቅ ይላል። በእኛ ታንክ ልዩነቱ 24 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ማንም አይሰማውም። Q ወደ ሁለት ከወረደ ግን ያ ነጥብ በአሥራ ሦስት ከመቶ ይወርዳል፤ ኢምፒዳንሱ ከሁሉም የሚበልጥበት ቦታ ደግሞ ዝቅ የሚለው በአንድ ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ይለያያሉ። የኮይሉ ሬዚስታንስ ከኮይሉና ከካፓሲተሩ የሬዞናንስ መቋቋሚያ፣ በእኛ ምሳሌ ከ1944 ኦም በላይ ከሆነ፣ ታንኩ ንጹሕ ሬዚስተር የሚመስልበት ፍሪኩዌንሲ ጨርሶ የለም። ወፍራም ሸክም ያለባቸውን ሰርኪዩቶች በዚያችው አጭር ቀመር የሚያሰላ ሰው ይህን ወሰን ማስታወስ አለበት።

በሬዲዮው አይኤፍ ግን ቀመሯ ትበቃለች፤ አጠቃቀሟም ከዚህ ይጀምራል። ቆቡ ላይ የሚነበበው የቴስተር ኦም ሽቦው መኖሩን ይናገራል እንጂ ታንኩ ስንት እንደሚችል አይናገርም። ይህን የሚናገሩት አናቱና ስፋቱ ናቸው። ሁለቱ ሲለኩ የማይታየው ሃያ ኦም ይታያል፤ አርባ ሲሆንም ጣቢያው ከጎረቤቱ ጋር ከመምታታቱ በፊት ይታወቃል።